ዓመታዊ ዕቅዱን ከመጽሐፉ በፊት ከካላንደሩ ጀምሩ

ውድ ወጣት የስፖርት መምህራን፣

ሰሞኑን አንዲት አዲስ የሰባተኛ ክፍል መምህርት "ጋሼ፣ ዓመታዊ ዕቅዱን የመጽሐፉን ምዕራፎች ተከትዬ ላውጣው?" አለችኝ። የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰችው።

እኔ ሥራ ስጀምር ዕቅዱ ተሠርቶ ነበር የሚሰጠን። ምዕራፎቹ እንደ ቅደም ተከተላቸው በየሳምንቱ ተደልድለዋል። የረጅም ርቀት ሩጫ የዋለው መጋቢት ላይ ነው፤ ሁዳዴ መሃል። ክፍለ ጊዜው ደግሞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ አሁንም ዓይኔ ላይ አለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። ሁለተኛው ዙር ላይ ከንፈሯ ደርቆ፣ ጎኗን ይዛ ቆመች። ጾመኛ ነኝ ማለት አፍራ ዝም አለች። ሩጫው በሰዓት ስለሚያዝ ማርኳ ወረደ። ይህች ልጅ ጥር ላይ በእግር ኳስ ከወንዶቹ እኩል ስትሮጥ የነበረች ናት። ከዚያ በኋላ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዳር መቀመጥ ጀመረች። ሩጫው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ቢሆን ምን ነበረበት?

በደጋው ኅዳር መጀመሪያ ሜዳው ደርቋል፤ የነቢያት ጾምም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። መስከረም ጭቃ ስለሆነ እሱን ለሕግጋትና ለአካል ብቃት መነሻ ልኬት ተዉት። አትሌቲክሱን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር አጋማሽ ጨርሱ። በጾም ወራት ብዙ የማያሯሯጠውን አስገቡ፦ የመረብ ኳስ ቅብብል፣ ሚዛን መጠበቅ። በ2018 ሁዳዴ የካቲት 9 ሲገባ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ ፋሲካም ይዋዥቃል። የዘንድሮ ልጆች ግን የአምናውን ዕቅድ ከቴሌግራም አውርዳችሁ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ሌላው የጊዜው ነገር ነው። 40 ደቂቃ የተባለው ክፍለ ጊዜ ልብስ ተቀይሮ፣ ስም ተጠርቶ 25 ደቂቃ ቢተርፍ ነው። በሳምንት ሁለቴ፣ ለስድስት ሳምንት ብታስተምሩ ጠቅላላ ልምምዱ 5 ሰዓት ነው። ለመረብ ኳስ ሦስት ሳምንት ብቻ ከሰጣችሁት ግማሹ ይቀራል። በአራት ኳስ 55 ተማሪ ወረፋ ሲጠብቅ አንዱ ልጅ ስንቴ ይነካል? ልጁ ኳሷን በክንዱ መቀበል ሳይለምድ ወደ ቅርጫት ኳስ ይሻገራል። ስለዚህ የኳስ ጨዋታዎቹን ቀንሱና አርዝሙ እላለሁ። የባህል ጨዋታና ጭፈራን ግን አሳጥሬ በየመሃሉ ነበር የማስገባው፤ ገናና ገበጣን ልጆቹ ከሰፈር ስለሚያውቋቸው ብዙ ማስተማር አይጠይቁም።

ዕቅዱን ከማስገባታችሁ በፊት ከስምንተኛ ክፍሉ መምህር ዕቅድ ጎን አስቀምጡት። ሁለታችሁም በአንድ ወር መረብ ኳስ ይዛችሁ ከሆነ አራቱ ኳሶች ሁለት ሁለት ይደርሷችኋል። አንዳችሁ ጂምናስቲኩን ወደዚያ ወር አምጡ።