ለሕክምና ጆርናል የሚላክ ረቂቅ ደብዳቤ ሲገመገም

«ባልደረባዬ ጆርናል ላይ የወጣ አንድ የመድኃኒት ጥናት የሚተች አጭር ደብዳቤ ለአዘጋጁ ሊልክ ነው። ረቂቁን እንዳይለት ሰጥቶኛል። ምን ምን ልፈትሽ? ከየቱ ልጀምር?»

ከረቂቁ በፊት የተተቸውን ጥናት ያንብቡ፤ በተለይ ደራሲዎቹ የሥራቸውን ውሱንነት የዘረዘሩበትን ክፍል። ብዙ ደብዳቤ የሚወድቀው እዚያ ነው። «የተሳታፊው ቁጥር ትንሽ ነው» ብሎ ይተቻል፤ ደራሲዎቹ ግን ቀድመው አምነውታል። ስለዚህ አግባብነቱን በአንድ ጥያቄ ይለኩት፦ ነጥቡ እውነት ቢሆን የጥናቱ ድምዳሜ ይለወጣል ወይ? ካልተለወጠ ቋንቋውን ማቃናት ከንቱ ድካም ነው። ቀኑንም ይዩ። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ጥናቱ በወጣ በ3 ሳምንት ውስጥ ያልደረሰውን ደብዳቤ አይቀበልም፤ ጃማ 4 ሳምንት ይሰጣል።

ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው ማስረጃው ነው። ረቂቁ «ብዙ ታካሚዎች ስላቋረጡ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል» ይላል እንበል። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም አዘጋጁ የሚጨብጠው ነገር የለም። የጥናቱን ሠንጠረዥ ይክፈቱና ራስዎ ያስሉ። በእያንዳንዱ ቡድን 100 ሰው ተመድቦ፣ አዲሱን መድኃኒት ከሚወስዱት 30፣ ከነባሩ ደግሞ 10 አቋርጠዋል ብለን እናስብ። ደራሲዎቹ የጨረሱትን ብቻ ቆጥረው 42 ከ70 (60 በመቶ) ድኗል፣ በነባሩ 45 ከ90 (50 በመቶ) ብለዋል፤ አዲሱ በለጠ ማለት ነው። ያቋረጡትን ሁሉ እንዳልዳኑ ብንቆጥር ግን አዲሱ 42 ከ100፣ ነባሩ 45 ከ100 ይሆንና ብልጫው ይገለበጣል። ደብዳቤው መያዝ ያለበት ይህን ስሌት ነው፤ «ሊዛባ ይችላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይውጣ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያቋረጠ ሁሉ አልዳነም ማለት የከፋውን ግምት መውሰድ ነውና ደብዳቤው ግምት መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ የተመደቡትን ሁሉ ያካተተ ትንተና እንዲያወጡም ደራሲዎቹን ይጠይቅ። ይህን የዘለለ ጸሐፊ በደራሲዎቹ መልስ በቀላሉ ይረታል። የተጠቀሱትን ምንጮችም አንድ በአንድ ይክፈቱ (ሁለቱም ጆርናሎች ከ5 በላይ አይፈቅዱም)። አጽሕሮቱን ብቻ አንብቦ መጥቀስ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ውስጡ ሲታይ ምንጩ ሌላ ነገር ይላል።

ግልጽነቱን ለመፈተን ጥናቱን ላላየ ሰው ደብዳቤውን አንዴ ያስነብቡትና ነጥቡን በቃሉ እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ሁለት ነገር ከነገረዎ ወይም ካመነታ፣ ደብዳቤው ሁለት ነጥብ ይዟል ወይም ዋናው ተቀብሯል። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል የሚፈቅደው ከምንጮቹ ውጭ 175 ቃል ነው፤ «ጽሑፉን በታላቅ ፍላጎት አነበብነው» የሚለው መግቢያ ከዚህ ላይ ነው የሚቀነሰው። ደራሲዎቹን በግዴለሽነት የሚወቅስ ቃል ካለም ይሰርዙት።

አስተያየትዎን ሲመልሱ ድምዳሜውን የሚነካውንና የስሌት ስህተቱን ለይተው ከላይ ይጻፉ፤ የቃላት እርማቱ በኅዳጉ ላይ ይሁን። ከተቀላቀሉ ባልደረባዎ ፊደሉን አርሞ ስሌቱን ሊተወው ይችላል።