ከላይኛው ቀኝ ጥግ ጀምር

«ሰላም ጋሼ። የጭነት ዋጋ ሰንጠረዥ አለኝ። ወደ ታች ክብደቱ፣ ወደ ቀኝ ርቀቱ ስለሚጨምር ዋጋው በሁለቱም አቅጣጫ እያደገ ይሄዳል። ሰንጠረዡን እንደ አንድ ረጅም ዝርዝር ቆጥሬ ባይነሪ ሰርች ሠራሁበት። 70ን እና 190ን ያገኛል። 95ን ግን የለም ይለኛል፣ በዓይኔ እያየሁት! ሦስት ቀን ኮዱን አገላበጥኩት፤ ስህተቱ አልታይ አለኝ።

```
40   55   70   90  120
50   65   85  110  140
60   80  100  135  160
75   95  130  150  190
```
»

ወንድሜ፣ ሦስቱን ቀን ያቃጠልከው የተሳሳተ ቦታ እየፈለግክ ነው። ረድፎቹን ጫፍ ለጫፍ ስትቀጥላቸው ከ120 ቀጥሎ 50 ይመጣል። ቅደም ተከተሉ እዚያው ፈረሰ። ባይነሪ ሰርች ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያልተቋረጠ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ያንተው መጀመሪያ መሃሉን፣ ኢንዴክስ 9ን ያያል፤ እዚያ ያለው 140 ነው። 140 ከ95 ይበልጣል፣ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ይጥላል። 95 የተቀመጠው ግን መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። ገና በመጀመሪያው እርምጃ አብሮ ተጣለ። 70 እና 190 የተገኙት በዕድል ነው።

ለእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የሚሻለው ከላይኛው ቀኝ ጥግ ተነስቶ መራመድ ነው። 95ን እንፈልገው። 120 ላይ ቆመናል። ይበልጣል፣ ወደ ግራ፦ 90። ያንሳል፣ ወደ ታች፦ 110። ወደ ግራ፦ 85። ወደ ታች፦ 100። ወደ ግራ፦ 80። ወደ ታች፦ 95፣ ተገኘ። ሰባት ቁጥር ብቻ አየን፤ መንገዱም ደረጃ እንደ መውረድ ነው።

ለምን ከዚያ ጥግ? 120 በረድፉ ትልቁ፣ በአምዱ ደግሞ ትንሹ ነው። ትንሹ 120 ከሆነ፣ ከሥሩ ባለው አምድ ውስጥ 95 ሊኖር አይችልም፤ አምዱን በሙሉ ጣልነው። ቀጥሎ 90 ላይ ስንደርስ ደግሞ ከቀረው ረድፍ ትልቁ እሱ ነው፤ ትልቁ ካነሰ ረድፉ በሙሉ አበቃለት። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ረድፍ ወይም አንድ አምድ ይወድቃል። ስለዚህ በ4 ረድፍና በ5 አምድ ቢበዛ 8 ቁጥር ታያለህ፣ ቁጥሩ ባይኖር እንኳ። ከላይኛው ግራ ጥግ፣ ከ40 ብትነሳ ግን ወደ ቀኝም ወደ ታችም ቁጥሩ ያድጋል። የቱን ትመርጣለህ? ምንም የምትጥለው የለህም። የታችኛው ግራ ጥግ ግን ይሠራል፤ አቅጣጫውን መገልበጥ ነው።

```python
def find(t, x):
    if not t:
        return None
    i, j = 0, len(t[0]) - 1
    while i < len(t) and j >= 0:
        v = t[i][j]
        if v == x:
            return i, j
        if v > x:
            j -= 1
        else:
            i += 1
    return None
```

`j >= 0` የምትለዋን እንዳትረሳ። ሰንጠረዡ ውስጥ የሌለውን 45ን ፈልግ፦ 50 ላይ ደርሰህ ወደ ግራ ስትል `j` ወደ -1 ይወርዳል። ፓይተን ደግሞ -1ን ስህተት አይልም፤ የረድፉ የመጨረሻ ቁጥር ነው ብሎ 140ን ይሰጥሃል። ያንኑ ረድፍ ከቀኝ ጫፍ እንደገና ያነብና `IndexError` የሚጥለው `j` -6 ሲደርስ ነው። ያቺን -6 ካየህ ጥፋቱ ይኸው ነው።

ይህ መንገድ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። ረድፉ 4፣ አምዱ አንድ ሚሊዮን ቢሆን መራመዱ ከሚሊዮን እርምጃ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ያኔ በየረድፉ ለብቻው ባይነሪ ሰርች ብታደርግ በአንድ ረድፍ 20 ያህል ንጽጽር ይበቃሃል፣ በጠቅላላው 80። ላንተ ሰንጠረዥ ግን ይህ ሁሉ አያሳስብህም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ግማሽ ቀን ስለበላኝ። ዋጋዎቹንም የምፈልገውን 95ንም ከሲኤስቪ ፋይል ነበር ያነበብኳቸው። ፓይተን ሲያነባቸው ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ያደርጋቸዋል፤ በጽሑፍ ደግሞ `'120'` ከ`'95'` ያንሳል፣ 1 ከ9 ስለሚቀድም። ስለዚህ ፍለጋው 120ን አይቶ ወደ ታች፣ 140ን አይቶ ወደ ታች፣ በ160 እና በ190 አልፎ ከሰንጠረዡ ወጣና «የለም» አለ። `i` እና `j`ን በየእርምጃው አትመህ እያቸው። `j` አንዴም ሳይቀንስ `i` ብቻ ወደ ታች ከወረደ፣ ስታነብ `int()` ማድረግ ረስተህ ይሆናል።