አልጋው በየት በኩል ይሁን?

«መኝታ ክፍላችን 2.70 በ3 ሜትር ነው። በሩ በአጭሩ ግድግዳ ግራ ጥግ ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ይከፈታል። መስኮቱ ከፊት ለፊቱ ነው። ከሚስቴ ጋር የምንተኛበትን 1.40 በ1.90 አልጋ የት ላድርገው?»

ራስጌውን ስትገባ በቀኝህ ካለው ረጅም ግድግዳ ጋር አስጠጋው። መጀመሪያ ግን የአልጋውን እንጨት ለካ። 1.40 በ1.90 የፍራሹ ልክ ነው፤ እንጨቱ ብዙ ጊዜ በየአቅጣጫው እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። 1.50 በ2 ሜትር ሆነ እንበል። በግርጌው በኩል 70 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይቀርሃል። ከጎንና ከጎን የሚተርፈውን 1.50 ደግሞ እኩል አትክፈለው። ለመስኮቱ በኩል 60፣ ለበሩ በኩል 90 ስጥ። 60 ሰው ተስተካክሎ የሚያልፍበት ነው፤ መጋረጃ ለመክፈትም ይበቃል። በበሩ በኩል 90 ያልኩህ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር አልጋውን ሳይነካ እንዲዘረጋ ነው። በርህ ከዚያ ከሰፋ አልጋውን ወደ መስኮቱ ትንሽ ግፋው።

ራስጌውን መስኮቱ ስር ማድረግም ይቻላል፣ ቦታው ይበቃል። እኔ ግን አልመርጠውም። ሌሊት ብርዱ አናት ላይ ይወርዳል፤ መስኮቱን ለመክፈትም አልጋ ላይ መውጣት ሊኖርብህ ነው። ጥግ ላይ ማስጠጋቱ ደግሞ ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት አይሆንም፤ በግድግዳው በኩል የተኛው ለመነሳት ሌላውን መሻገር አለበት።

ቁም ሳጥን ካለ ግርጌው ጋ አታስበው፣ መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ከመግፋትህ በፊት የእንጨቱን ልክ ወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር አስምረህ በሩን እስከ መጨረሻው ክፈተው።