ዲፕ ፍሪዙ ቆሞ አደረ፦ ስለ አጭር ሪፖርት የተለያዩ ነጋዴዎች ጥያቄና መልስ

ሚኒ ማርኬት አለኝ። ዲፕ ፍሪዝ ሌሊት ቆሞ ሥጋ ተበላሸብኝ። ለሸሪኬ ሪፖርት ልጽፍ ነው፤ ማጠቃለያው ላይ ምን ልበል?

እሱን ለመጨረሻ ተዪው እህቴ። ወረቀቱ ላይ ከላይ ይቀመጣል እንጂ የሚጻፈው ሌላው ካለቀ በኋላ ነው። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ዲፕ ፍሪዙ ቆሞ ተገኘ። 18 ኪሎ ሥጋ ተበላሽቶ ተወገደ። ፍሪዙ አሁን ይሠራል።» ሸሪክሽ ከዚህ በታች ባያነብም ነገሩ ይገባዋል።

ሶኬቱን የነቀለው የማታ ተረኛው ነው። ዝርዝሩ ላይ ልጻፈው?

ሲነቅል አይተሽዋል? ካላየሽ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። «ጠዋት 1:30 ሱቁ ሲከፈት ሶኬቱ ተነቅሎ ተገኘ። ጎኑ ያለው የለስላሳ ፍሪጅ ይሠራ ነበር። ማታ ሱቁን የዘጋው ተረኛው ነው።» አንባቢው ራሱ ይደርስበታል። ግምትሽን መጻፍ ከፈለግሽ «ግምት» ብለሽ ለብቻው አድርጊው። ልጁ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ነቅሎት ይሆናል፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ልትሆን ትችላለች።

እኔ እርምጃ ላይ ሁሌ «ሠራተኞች ተመክረዋል» ነው የምለው። ችግር አለው?

አለው። ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ? «ጠዋት 1:35 ሶኬቱ ተሰካ፤ ሥጋው ተመዝኖ ተወገደ» ካልክ ተደርጓል። «ሶኬቱ ላይ መሸፈኛ ይገጠማል» ግን ገና አልተደረገም። እሱን ለብቻው ጻፈው፣ ከኃላፊው ስምና ከቀን ጋር።

ፊርማና ማህተም ካለ አባሪ ምን ያደርጋል?

ግማሹ ልክ ነህ። ፊርማው ማን እንደጻፈው ይናገራል፤ 18 ኪሎ መሆኑን ግን አያሳይም። ሥጋው ከመጣሉ በፊት ሚዛን ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱት። የተገዛበትንም ደረሰኝ ኮፒ አድርጉ፤ የካሽ ሬጂስተር ወረቀት ሲቆይ ጽሑፉ ይጠፋል። ከዚያ «አባሪ 1»፣ «አባሪ 2» ብላችሁ ዝርዝሩ ውስጥም ጥቀሱት። ያልተጠቀሰ አባሪ ማን ይገልጠዋል?

የኛ ፎቶ ላይ ያለው ቀን ከሪፖርቱ አልገጥም ብሎ «አጭበርብራችኋል» ተባልን።

ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ነዋ! የሚኒ ማርኬቷ ባለቤት ፎቶ ላይ `2024-10-22 07:40` ነው የሚለው። በኛ ጥቅምት 12 ቀን 2017፣ ጠዋት 1:40 መሆኑ ነው። ከአባሪው ሥር ሁለቱንም ጻፉ። «ጠዋት» ወይም «ማታ» የምትለዋም አትቅር፤ 1:40 ብቻውን ሁለቱንም ይሆናል።

ፀጉር ቤት አለኝ። ይሄ ሪፖርት ለግብር የሚገባው ነው?

አይ፣ ያ ሌላ ነው። የሒሳብ ባለሙያሽን ጠይቂ።

እሺ፣ የሥጋው ዋጋ ከተረኛው ደሞዝ ይቆረጥ?

ሪፖርቱ እሱን አይወስንም። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ሳትጠይቂ አትንኪው።

እኔ ቆርጬ ነበር። ልጁ በወሩ ለቀቀ፤ የመጋዘኑን ቁልፍም ይዞ ሄደ።

እሱም ሪፖርት ይፈልጋል።