ደብዳቤ ነው እንጂ ስልክ አይደለም

ጥያቄ፦ «አያቴ በቅርቡ የመጀመሪያ ስማርት ስልካቸውን ያዙ። መጻፍ ስለሚከብዳቸው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላክ ላለማምዳቸው ሞከርኩ፤ ግን አንዴ ይቆረጥባቸዋል፣ አንዴ የተናገሩት ይጠፋል፣ በማግስቱ ደግሞ ሁሉንም ረስተውት ይጠብቁኛል። የተሳካለት ካለ እንዴት እንዳደረገ ቢነግረኝ?»

መልስ፦

በእኛ ቤት የሆነውን በዝርዝር ልጻፍልዎ። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ የተሳካው ያኔ የ13 ዓመት ልጅ በነበረችው በሴት ልጄ ትዕግሥት ነው።

አባቴ 78 ዓመታቸው ነበር። እስከዚያ ድረስ የሚይዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ስለነበር፣ አረንጓዴውን ተጭነው ያነሳሉ፣ ቀዩን ተጭነው ይዘጋሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ከስልክ ፈልገው አያውቁም። አዲሱን ስልክ የገዛንላቸው በሌላ አህጉር ከምትኖረው ታናሽ እህታቸው ጋር ሰዓት አልገጥም ስላላቸው ነው። እሳቸው ሲነቁ እሷ ትተኛለች፤ እሷ ከሥራ ስትመለስ እሳቸው እንቅልፍ ላይ ናቸው። የድምፅ መልእክት ደግሞ ሰሚው እስኪነቃ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ያስተማርኳቸው እኔ ነበርኩ። ግራ በተጋቡ ቁጥር ስልኩን ከእጃቸው እየወሰድኩ «እንዲህ እኮ ነው» እያልኩ አሳያቸው ነበር። ሦስት ምሽት እንዲህ ካለፈ በኋላ «ተወው ልጄ፣ ይሄ ነገር ለእኔ አልተሠራም» ብለው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። ያንን ስልክ የደፉበትን አኳኋን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ለሦስት ቀን ያስጠናኋቸው የራሴን ጣት መመልከትን ብቻ እንደነበር የገባኝም ያኔ ነው።

በማግስቱ ልጄ «አባባ፣ ከእኔ ጋር ደግሞ እንሞክር» አለቻቸው። በቀኛቸው በኩል ተጠግታ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ሥር ሸጎጠቻቸው። ነገሩ በአጋጣሚ የሆነ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ስጠይቃት ግን «እጄ ነጻ ከሆነ ስልኩን እነካዋለሁ፣ እኔ ከነካሁት ደግሞ አባባ አይለምዱትም» አለችኝ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ስልኩን በራሷ እጅ ስታስተካክል ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ የማይክሮፎኑን ምልክት ቢጫኑም ቆጣሪው አልጀምር አለ። ከእኔ ጋር በነበሩበት ጊዜ ስልኩ «ይህ መተግበሪያ ድምፅ እንዲቀዳ ይፈቅዳሉ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ደንግጠው ከልክለውት ኖሯል። እሷም በስልኩ ቅንብር ውስጥ ገብታ ለቴሌግራም የማይክሮፎኑን ፈቃድ መለሰችለት። የእርስዎም አያት ተጭነው ሳለ ሰከንዱ መቁጠር ካልጀመረ በቅድሚያ ይህንን ይመልከቱ፤ ጥፋቱ የጣታቸው ላይሆን ይችላል።

ልጄ መቅዳትን በመጀመሪያው ቀን አላስነሳችም። ከሌላ ክፍል ሆና አጫጭር መልእክቶች ትልክላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሦስት ማዕዘኗን ነክተው ያዳምጣሉ። እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። አባቴ እንደ ልማዳቸው ስልኩን ወደ ጆሯቸው ባስጠጉ ቁጥር መስታወቱ ይጨልማል፣ «ጠፋ» ብለው ያወርዱታል። ስልኩ ጆሮ አጠገብ መድረሱን ሲያውቅ ገጹን አጥፍቶ ድምፁን ወደ ላይኛው የጥሪ ማዳመጫ ያዛውራል እንጂ አልጠፋም። ልጄ ይህንን በቃል ከማስረዳት ይልቅ አንድ ረዘም ያለ ተረት ቀድታ ላከችላቸውና «ቢጨልምም አያውርዱት፣ እስከ መጨረሻው ይስሙት» አለቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ስልኩን ከጆሯቸው አነሱት፤ ብርሃኑም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጨለማው አላስደነገጣቸውም።

ምልክቶቹንም ስማቸውን አልነገረቻቸውም፤ «ይህ ምን ይመስላል አባባ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ማይክሮፎኑን «ችቦ» አሉት። እስካሁንም በቤታችን ችቦ ነው። የእኔን «ማይክ» ሦስት ቀን ሰምተው የረሱት ሰው የራሳቸውን ችቦ አንድም ቀን አልረሱትም።

መቅዳት የጀመሩት «Saved Messages» በሚለው፣ ሰው ለራሱ በሚልክበት ገጽ ላይ ነው። ሌላ ሰው ስለማይሰማው የፈለጉትን ያህል ቢሳሳቱ አያፍሩም። የመጀመሪያው ችግር ችቦውን እንደ በር ደወል ነካ አድርገው መልቀቃቸው ነበር። በቴሌግራም ምልክቱን ነካ ብቻ ካደረጉት ወደ ካሜራ ይቀየራል፤ ቀጥሎ ጫን ሲሉ በክብ ውስጥ የገዛ ፊታቸው ብቅ አለባቸው። ልጄ «ችቦው የሚበራው እስከያዙት ድረስ ነው፤ ካሜራ ከሆነብዎ አንዴ ይንኩት፣ ይመለሳል» አለቻቸው። ያ ለእሳቸው በቂ ማብራሪያ ነበር።

ከጣቱ ይልቅ ያስቸገረው ግን ሌላ ነበር። ችቦውን ይዘው «ሄሎ» ይላሉ፣ ከዚያ ዝም። ጥቂት ቆይተው «ሄሎ? ትሰሚያለሽ?» ይላሉ፣ እንደገና ዝም። መልስ ሲያጡ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ሁለት «ሄሎ»ዎችም ተልከው ይሄዳሉ። እኔ ይህንን «ይቆረጥባቸዋል» እል ነበር። ልጄ ቅጂውን ደግማ ካዳመጠች በኋላ ዝምታዎቹ መልስ መጠበቂያ መሆናቸውን ተረዳች። «አባባ፣ ስልክ እየደወሉ አይደለም እኮ፤ ደብዳቤ ነው የሚልኩት። ለእህትዎ ደብዳቤ ቢያስጽፉ ምን ብለው ይጀምራሉ?» አለቻቸው። አባቴ ቀና አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለውድ እህቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ በጣም ደኅና ነኝ...» ብለው ሳያቋርጡ ከአንድ ደቂቃ በላይ ተናገሩ። ያን ጊዜ ስልኩ በእጃቸው አልነበረም፤ እሷም «እንግዲህ ይህንኑ ችቦውን ይዘው ይበሉት» አለቻቸው። ለእኔ የትምህርቱ ማጠፊያ ይህች ጥያቄ ነበረች።

ንግግሩ ሲረዝም ደግሞ እርስዎ «ይጠፋል» ያሉት መጣ። አባቴ አንድ ደቂቃ ያህል ይናገራሉ፣ ጣታቸውን ያነሳሉ፣ የተላከ ነገር ግን የለም። እኔ መስታወቱን ስመለከት ምንም አልታየኝም፤ ልጄ ግን አውራ ጣታቸውን ነበር የምትመለከተው። እጃቸው ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሲደክማቸው ጣቱ ሳያውቁት ወደ ግራ ይንሸራተታል። በሚቀዳበት ሰዓት ከቆጣሪው አጠገብ «Slide to cancel» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ወደ ግራ መሳብ ማለት መሰረዝ ነው። አባቴ ንባቡን ስለማያውቁት እጃቸው በገዛ ፈቃዱ ደብዳቤውን ይቀድድባቸው ነበር። የሚያሳዝነው፣ ስልኩ የተናገሩትን የበላባቸው መስሏቸው ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መናገር መጀመራቸው ነው።

መፍትሔው ጣቱን ከዚያ ሥራ ማሳረፍ ሆነ። ችቦውን ከያዙ በኋላ ጣት ሳያነሱ ወደ ላይ ሲገፉት፣ እዚያ የምትታየው ትንሽ መቆለፊያ ትዘጋለች፤ ከዚያ በኋላ እጅ ቢነሳም ቅጂው ይቀጥላል። ሲጨርሱ ችቦው በነበረበት ቦታ የመጣውን ቀስት አንዴ መንካት ብቻ ነው። ወደ ላይ መግፋቱን ለመልመድ አራት ቀን ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ሳይደርሱ ይለቁትና ግማሽ ቃል ይላክ ነበር። ልጄ በቀን ከ10 ደቂቃ በላይ አታስጠናቸውም ነበር፣ ቢለምኗትም እንኳ። መቆለፊያውን ከቻሉ በኋላ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው መናገር ጀመሩ። በዚያው የድምፃቸው መታፈንም ቀረ፤ ለካስ ስልኩን ከግርጌው ጨብጠው ሲይዙት መዳፋቸው የማይክሮፎኑን ቀዳዳ ይሸፍነው ነበር።

ስለ መርሳቱ ደግሞ፣ ልጄ በትንሽ ካርቶን ላይ ሦስት ሥዕል ሣለችላቸው፦ ችቦ፣ ወደ ላይ የሚገፋ ጣት፣ ቀስት። ከሥር አንድም ቃል የለውም። የእህታቸውን ገጽ ከዝርዝሩ አናት ላይ ላስቀምጥላቸው ብዬ እኔ ልሠራው ስል እንኳ፣ እንዴት እንደሚሰካ አሳይታ እሳቸው ራሳቸው እንዲሰኩት አደረገች። ጠዋት ረስተው ሲጠይቋትም መልሱን አትነግራቸውም፤ «ካርቶኑ ምን ይላል?» ትላቸዋለች፣ ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ያ ዝምታ አንዳንዴ ሙሉ ደቂቃ ይወስዳል። እኔ በዚያ ደቂቃ ውስጥ አፌን ላለመክፈት ከክፍሉ እወጣ ነበር፤ እርስዎም ከከበደዎ ይውጡ።

ወደ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ገደማ የመጀመሪያው እውነተኛ መልእክት ለእህታቸው ተላከ። ከመልእክቱ አጠገብ አንድ የ«✓» ምልክት ብቻ ስለታየ «አልደረሳትም» ብለው ተጨነቁ። ልጄ አንዱ ምልክት መልእክቱ መላኩን እንደሚያሳይ፣ ሁለት የሚሆነው እህታቸው ገጹን ስትከፍተው እንደሆነ ነገረቻቸው፤ «አሁን እዚያ ሌሊት ነው፤ ደብዳቤዎ በሯ ላይ ነው» አለቻቸው። በማለዳ ምልክቱ ሁለት ሆኖ አገኙት፤ ከሥሩም የእህታቸው መልስ ነበር። አክስቴ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ታለቅሳለች፣ ከዚያ «ለውድ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል?» ብላ ትጀምራለች።

አባቴ ፎቶ መላክን አልለመዱም፤ አልፈለጉትምም። የድምፅ መልእክት ግን ሥራ ቦታ ሆኜ ለእኔም ይደርሰኛል፤ ሁልጊዜም ከመጨረሻዋ ቀስት በፊት ዕለቱንና ወሩን ጠርተው «አባትህ ነኝ» ብለው ይፈርማሉ።