አቋም ያለው ጽሑፍ፣ የማይስማማውን ሳያስቀይሙ

«ሐሳቤን ፊት ለፊት ስጽፍ ሰዉ ይቀየመኛል። ላለሳልሰው ስል ደግሞ ምን ማለት እንደፈለግኩ አይታወቅም። እናንተ እንዴት ነው የምትጽፉት?»

እህቴ፣ እኔ መምህር ነኝ፤ የምጽፈውም በብዛት ስለ ትምህርት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር በጻፍኩት ላስረዳሽ።

አቋም ማለት አንድ ሰው «የለም፣ አልስማማም» ሊለው የሚችል ነገር ነው። «የፈተና ሥርዓታችን ይሻሻል» ብትዪ ማን እምቢ ይልሻል? የእኔ እንዲህ ይል ነበር፦ «ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተናቸው ይቀጥል፤ ምክንያቱም በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ ኩረጃውን ማቆም አልተቻለም።» ጽሑፉ በሙሉ የሚያስረዳው ከ«ምክንያቱም» በኋላ ያለውን ነው። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መናገር ካቃተሽ ሐሳብሽ ገና አልጠራም። ከጠራ ግን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስቀምጪው፤ አንባቢ መጨረሻ ላይ ሲደርስበት የተሸወደ ይመስለዋል።

ዋናው ሥራ ያለው የማይስማማው ሰው ላይ ነው። ቀላሉ መንገድ «የሚቃወሙት ልጃቸው እንዲኮርጅ ፈልገው ነው» ማለት ነበር። ይሄ ስድብ ነው፤ እውነትም አይደለም። የገጠር አባት የሚለው ሌላ ነው፦ «ልጄ ከቤት ውጭ አድራ አታውቅም። በቂ መጽሐፍና አስተማሪ ሳትሰጧት ከከተማ ልጅ እኩል ትፈትኗታላችሁ፤ ጭራሽ ደግሞ ከማታውቀው ቦታ ወስዳችሁ።» እኔም ጽሑፌ ላይ እንደዚሁ፣ በእሱ አፍ አስቀመጥኩት። ከመለጠፌ በፊት ያቺን አንቀጽ ብቻ ቆርጬ ለማይስማማ ባልደረባዬ ላክሁለት። «አዎ፣ የምለው ይሄንን ነው» ሲለኝ ነው የቀጠልኩት።

ከዚያ መልሱ ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔ ቁጥሩን ሳየው ኩረጃው ምን ያህል ሸፍኖልን እንደኖረ ይታየኛል። ያ አባት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ልጁን እንዳላስተማረ ያይበታል። ሁለታችንም ልክ ልንሆን እንችላለን። ስለዚህ «ቁጥሩ የሚያሳየው ኩረጃን ነው» ብዬ አላለፍኩትም። «ትምህርት ቤቶቻችን እንዳላስተማሩ እቀበላለሁ። ግን ይህ ፊት ለፊት የታየው ፈተናው ለኩረጃ በማይመች ቦታ ስለተሰጠ ነው» አልኩ። ጭብጤ አልተነካም፤ የእሱም ጥያቄ ቦታውን አገኘ። የልጅቷ ፍርሃት ግን በዚህ አይመለስም። ለእሱ የተለየ መፍትሔ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ጻፍኩ።

ቃላት ላይ ደግሞ «እንደሚታወቀው»ን እና «ማንም ጤነኛ ሰው»ን አውጪ። «ይመስለኛል»ን በእውነት ያልተረጋገጠልሽ ቦታ ላይ ብቻ ተዪው፤ በየመስመሩ ከገባ አቋምሽን ይበላዋል።

እንዲህም ሆኖ የሚቀየም አይጠፋም። «የማን ወገን ነሽ?» ብሎ የሚመጣውን እለፊው። ምክንያትሽን ጠቅሶ የሚሞግትሽን ግን መልሺለት፤ ካሳመነሽም እዚያው ጽሑፉ ላይ ጨምሪው።