የኢንተርቪው ቀጠሮ ይቀየርልኝ ማለት፦ Decline የምትለዋን ነክቼ የደረሰብኝ

ጥያቄው፦ «ለመጪው ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ለኢንተርቪው ተጠርቻለሁ፤ ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። በዚያው ሰዓት አሁን የምሠራበት ቦታ ላይ ያለ እኔ ፊርማ የማይፈጸም ርክክብ አለ። ቀን ቀይሩልኝ ብል ይሰርዙኛል? እንዴት ብዬ ልጻፍ?»

ወንድሜ፣ ይህ በእኔ ላይ የደረሰው ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አንዴ እንዲህ ባለ ቀጠሮ በጣም የምፈልገውን ሥራ አጥቻለሁ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀን አስቀይሬ ገብቼ ተቀጥሬበታለሁ። በቅደም ተከተል ልንገርህ።

1. በካላንደር የተላከልህን ግብዣ እስካሁን ካልነካኸው አትንካው። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። የተጠራሁት ሰኞ ዕለት ሲሆን ቀጠሮው ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። ሐሙስ ደግሞ በመሥሪያ ቤታችን የንብረት ቆጠራ ነበረ፤ የመጋዘኑን መዝገብ የምይዘው እኔ ስለነበርኩ ያለ እኔ አይጀመርም። ይህንን ሰኞ ዕለት አውቀው ነበር። ግን «ምናልባት ቆጠራው ይገፋ ይሆናል» እያልኩ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት ላይ ቆጠራው እንደማይቀር ሲቆርጥልኝ ግብዣውን ከፍቼ Decline የሚለውን ተጫንኩና ከሥሩ ባለው ቦታ ላይ «ይቅርታ፣ አስቸኳይ ሥራ ገጥሞኝ ነው፣ ሌላ ቀን ብታደርጉልኝ» ብዬ ሁለት መስመር ጻፍኩ። አሳወቅኩ ብዬ እፎይ ብዬ ተኛሁ።

መልሱ የሄደው ግን ስጻጻፋት ለነበረችው የሰው ኃይል ባለሙያ አልነበረም። ግብዣውን የፈጠረው ሌላ አካውንት ነበር፤ የካላንደር መልስ ደግሞ የሚደርሰው ግብዣውን ለላከው ነው። እዚያ ጋ የታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተጠራችው ሰው አልመጣም ብላለች። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስደውል ስልኩን ያነሳው ሰው ስሜን እንኳ በቅጡ ሳይሰማ «አልመጣም ብለው መልሰዋል፤ ሰዓትዎ ለሌላ ተወዳዳሪ ተሰጥቷል» አለኝ። ጽፌ ነበር አልኩት። «እኛ የጻፉትን አላየንም» ብሎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ የላክኳቸው ሁለት ኢሜይሎች መልስ አላገኙም። ለዚያ ቦታ ሁለት ዙር የጽሑፍ ፈተና አልፌ ነበር፤ አንድ ሰው አንድ ደቂቃ ሰጥቶ ቢያዳምጠኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይስተካከል ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ስህተቱን የሠራሁት እኔ ብሆንም አነጋገራቸው አሁንም ያመኛል።

ስለዚህ Decline «ቀን ይቀየርልኝ» ማለት አይደለም። አውትሉክ ላይ Propose New Time፣ ጉግል ካላንደር ላይ ደግሞ Propose a new time የሚል አማራጭ አለ፤ ለሥራ ባልደረባ ይበቃል። ለኢንተርቪው ግን አልመክርህም፤ የሚደርሰው ያው ግብዣውን ለላከው አካውንት ነው፣ አውትሉክ ላይም ሁለት ምርጫ አለውና በችኮላ Decline and Propose New Time የሚለውን ብትጫን መቅረትህን አብረህ ትልካለህ። ሰው ለሰው ጻፍ። ለኢንተርቪው መጠራትህን የነገረህ ሰው በላከልህ ኢሜይል ላይ መልስ ስጥ፤ አዲስ ኢሜይል አትጀምር። የላከህ አድራሻ noreply የሚል ከሆነ መልስህን የሚያነበው ሰው የለምና በማስታወቂያው ወይም በግብዣው ላይ ያለውን ስልክ ተጠቀም።

2. ዛሬውኑ ላክ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እስከ ቀጠሮው ያሉት የሥራ ቀናት ዓርብና ሰኞ ብቻ ናቸው። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው ብለሃል። ያ ማለት ደብዳቤህን የምትቀበለው ባለሙያ የሦስት ሰው ሰዓት እንደገና ማገናኘት አለባት። ይህንን ያወቅኩት አሁን በምሠራበት ቦታ እኔም በጠያቂነት መቀመጥ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ተወዳዳሪው «ረቡዕ 4 ሰዓት ይሆናል?» ብሎ አንድ ሰዓት ብቻ ሲሰጥ፣ ከሦስታችን አንዱ ካልተመቸው ባለሙያዋ ተመልሳ ለተወዳዳሪው ትጽፋለች፣ እሱ ሌላ ሰዓት ይልካል፣ እንደገና እኛን ትጠይቃለች። በዚህ መሀል ሌሎቹ ተጠይቀው ያልቃሉ፣ ነጥብ ተደምሮ ውጤቱ ይጻፋል፣ የዚያ ሰው ነገር ተረስቶ ይቀራል። ማንም በክፋት አልሰረዘውም፤ ዙሩ ዘጋበት። የስልክ ማጣሪያ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላስጨንቅህም ነበር፤ የአንድ ሰው ሰዓት ነው፣ በአንድ መልእክት ይቀየራል።

እንግዲህ አንድ ሰዓት ሳይሆን ሰፋ ያሉ ሦስት ጊዜያት ስጣቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተያዘው ቀን በፊት ይሁን። በሁለተኛው ጊዜ የሠራልኝ ይህ ነው። ያኔ ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ተኩል ተጠርቼ ነበር፤ ቀኑ ደግሞ ወራት ቀደም ብዬ ከተመዘገብኩበት የሙያ ፈተና ጋር ተጋጨ። የተጠራሁት በፊተኛው ሳምንት ሐሙስ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጻፍኩ፤ ሰኞ ከሰዓት፣ ሐሙስ ሙሉ ቀን፣ ዓርብ ጠዋት ብዬ ሰጠኋቸው። ሰኞን መረጡ። በኋላ ከጠያቂዎቹ አንዱ «ቀደም ብላ ልምጣ ማለቷ ለማጓተት እንዳልሆነ አሳየን» ብሎኛል። ቀን ይቀየርልኝ የሚል ሰው ሲመጣ ጠያቂዎቹ መጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ «ሥራውን አሁንም ይፈልገዋል ወይ?» የሚል ነው፤ ሌላ ቦታ መልስ እየጠበቀ ይሆን ብለው ይጠረጥራሉ። ቀደም ያለ ቀን ስትሰጥ ጥርጣሬው ይቀላል። ከሳምንት በላይ የራቀ ቀን ግን አትስጥ።

3. ደብዳቤው አጭር ይሁን። ለአንተ ጉዳይ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ለተከበሩ (ስም)፣
ለማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ፤ በቦታው ላይ ለመወዳደር ያለኝ ፍላጎት ጽኑ ነው። ሆኖም በዚያው ሰዓት ቀደም ብሎ የተያዘና ያለ እኔ የማይፈጸም የሥራ ግዴታ አለብኝ። በመሆኑም ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት፣ ረቡዕ በማንኛውም ሰዓት፣ ወይም ሐሙስ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ከተመቻችሁ መቅረብ እችላለሁ። ለጠያቂዎቹ የሚፈጥረውን መጉላላት ተረድቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የወሰናችሁትን ብታሳውቁኝ ወዲያውኑ አረጋግጣለሁ።
(ሙሉ ስም፣ የተወዳደርኩበት የሥራ መደብ፣ ስልክ)»

የሥራ መደቡን መጻፍ አትርሳ፤ ባለሙያዋ በአንድ ጊዜ ለብዙ ቦታ ሰው እየጠራች ይሆናል። ሰኞ ከሰዓት እችላለሁ ያልከውም እውነት መሆኑን አሁን ካለህበት ሥራ ጋር አስተያይተህ ላክ። ሁለተኛ ጊዜ ቀይሩልኝ ማለት አይኖርም፤ እኔ በተቀመጥኩባቸው ዙሮች ሁለት ጊዜ ቀን አስቀይሮ የተጠየቀ ሰው አላየሁም።

ምክንያቱን ከዚህ በላይ አታብራራ። ርክክቡ የምን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሆነ፣ አለቃህ ምን እንዳለ አይመለከታቸውም፤ የአሁኑን መሥሪያ ቤትህን ጉዳይ ለማያውቁት ሰዎች ዘርዝረህ ስትጽፍ የእኛንም ነገር ነገ እንዲህ ያወራል ብለው ያስባሉ። አንዳንዶች «እናቴ ታመመች በል» ይሉሃል። እኔንም ብለውኝ ነበር። በጤናማ እናቴ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም ብዬ እውነቱን ጻፍኩ፣ ደስም ይለኛል፤ ኢንተርቪው ላይ ስገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለፈተናው ዝግጅት እንዴት ነው?» የሚል ነበረ። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ገና ስቀመጥ ስለ እናቴ ሕመም ልጠየቅ ነበር።

ደግሞ በሥራ ኢሜይልህ አትላክ፣ አዲሱንም ቀጠሮ በመሥሪያ ቤቱ ካላንደር ላይ አታስገባ። የመሥሪያ ቤት ካላንደር ባልደረቦችህ ሊያዩት ይችላሉ። እኔ በቆጠራው ሳምንት ይህን ባለማሰቤ አለቃዬ ከእኔ በፊት ከሌላ ሰው ሰምቶ ነበር፤ የተወዳደርኩበትን ሥራም አጣሁ፣ በነበርኩበት መሥሪያ ቤትም ለወራት በጥርጣሬ ዓይን ታየሁ።

4. መልስ እስካልመጣ ድረስ የማክሰኞው ቀጠሮ እንደጸና ነው። መጠየቅህ አላስቀየረውም። ነገ ዓርብ እስከ 8 ሰዓት ዝም ካሉ ደውል፤ ያነጋገረህን ሰው ስምና ሰዓቱን ያዝ፣ ስልኩን እንደዘጋህም «አሁን በስልክ በተነጋገርነው መሠረት» ብለህ እዚያው ኢሜይል ላይ አንድ መስመር ጨምር። እኔ ሐሙስ ጠዋት የተነገረኝን የሚያስረዳ አንዳች ነገር በእጄ አልነበረም። ቀን ከቀየሩልህ አዲስ ግብዣ ይልካሉ፤ ያኔ ተቀብለህ አረጋግጥ። በቪዲዮ ከሆነ ሊንኩን ተመልከተው፤ ለእኔ የተላከው አዲስ ሊንክ ነበር፣ አሮጌውን ከፍቼ ብጠብቅ ማንም አይገባም ነበር።

አይቻልም ካሉህስ? ሁሉም ተወዳዳሪ በአንድ ቀን በአንድ ኮሚቴ ፊት የሚቀርብበት ቦታ ከሆነ ይህን መልስ ልትሰማ ትችላለህ፤ ብዙ ጊዜ እምቢተኝነት ሳይሆን ደንባቸው ነው። እንዲህ ካሉህ በዚያው ቀን ሰዓቱ ብቻ እንዲቀየር ጠይቅ፤ ከመጀመሪያዎቹ ወይም ከመጨረሻዎቹ ተወዳዳሪዎች ጋር መቀያየር ቀን ከማስቀየር በጣም ይቀላል። ርክክቡ የሚፈጀው ግማሽ ቀን ከሆነ ይህ ብቻ ሊበቃህ ይችላል። ይህንንም ካልተቀበሉ የትኛውን እንደምትተው ከመደወልህ በፊት ወስነህ ጠብቅ፤ ስልኩ ላይ እያለህ ስታመነታ ይታወቅብሃል።

ደብዳቤውን ጽፈህ ስሞቹን አጥፍተህ እዚሁ ለጥፈው፤ ዛሬ ማታ እስከ 3 ሰዓት አይቼ የሚቀነስ ካለ እነግርሃለሁ።